የ2ኛ ፎቅ ሶሌታ፦ የታችኛው ፌሮ ስፔሰር ብዛት

ለፎርማን፣ ለፌራዮ አለቃና ለስቶር

ሶሌታው 15 ሳ.ሜ ውፍረት አለው፤ ከቨሩ በድሮዊንጉ 25 ሚ.ሜ ነው። ስድስት ፓነል አለ፤ ከቢም እስከ ቢም ንጹሕ ልኩ 5.75 በ4.75 ሜትር። ከታች የሚተኛው ዲያሜትር 10 በአጭሩ በኩል በየ15 ሳ.ሜ ይሄዳል፤ ዲያሜትር 8 ከላዩ ይተኛል።

የስፔሰሩን ርቀት የወሰንነው በታችኛው ፌሮ ነው፦ የዲያሜትሩ 50 እጥፍ፣ ማለትም 50 ሳ.ሜ። ከዚያ ከሰፋ ዲያሜትር 10 ሰው ሲረግጠው ይጎብጣል።

አንድ ሙሉ ፓነል 39 ፌሮ ይወስዳል። ስፔሰር የሚታሰረው በ2ኛው፣ በ6ኛው፣ በ10ኛው እያለ እስከ 38ኛው ነው፤ በድምሩ 10 ፌሮ። አንዱ ላይ ከቢም ፊት 12.5 ሳ.ሜ ተነስቶ 10 ስፔሰር፣ ቀጣዩ ላይ 37.5 ሳ.ሜ ተነስቶ 9፤ እንዲህ እየተፈራረቀ።

5 × 10 + 5 × 9 = 95
አምስት ሙሉ ፓነል፦ 475
የደረጃው ፓነል (የቀረው 2.75 ሜትር፣ ስፔሰር የሚታሰርበት 5 ፌሮ)፦ 10+9+10+9+10 = 48
ከ60 ቼር እግር ሥር፣ ለእያንዳንዱ 2፦ 120
ድምር፦ 643

የቼሩን እንዳትዘሉት። የላይኛው ፌሮና በላዩ የሚሄደው ሠራተኛ ክብደት በቼሩ እግር ወደ ታችኛው ፌሮ ይወርዳል፤ ከርሱ ሥር ብሎክ ከሌለ ፌሮው ካዛፎርማው ላይ ያርፋል። ለሚሰበር 10 በመቶ ሲጨመር 708 ይሆናል። 720 ይመረት። የቢም ስፔሰር በዚህ ውስጥ የለም።

ብሎኩ 5 በ5 በ2.5 ሳ.ሜ፣ አንድ ሲሚንቶ ለሁለት ወንፊት ያለፈ አሸዋ። አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ይበቃል፣ ይተርፋልም። ጥቁር ሽቦ 25 ሳ.ሜ እየተቆረጠ እርጥብ ሳለ ይቀበርበት፦ 180 ሜትር። በማግስቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሰባት ቀን ይቆይ። በሦስተኛው ቀን የወጣ ብሎክ ቼር ሲጫነው ሊፈርስ ይችላል። የዓምዱ ብሎክ 30 ሚ.ሜ ስለሆነ በተለየ ጆንያ ይቀመጥ።

ብሎኩ የሚታሰረው በዲያሜትር 10 ሥር ብቻ ነው። ዲያሜትር 8 ሥር ከገባ 1 ሳ.ሜ ክፍተት ስለሚኖረው ሳይሸከም ይንጠለጠላል፤ ከላይ ያየው ሰው ግን በቁጥሩ ልክ አለ ብሎ ያልፋል። የእንጨት፣ የሴራሚክና የእምነበረድ ቁራጭ አይገባም፦ እንጨቱ ውኃ እየጠጣ ያብጣል፣ በሴራሚኩ ለስላሳ ፊት ኮንክሪት አይዝም፤ በሁለቱም በኩል እርጥበት ወደ ፌሮው መንገድ ያገኛል።

ፍተሻው ኤሌክትሪሺያኖቹ ቱቦ ዘርግተው ከወጡ በኋላ ነው፤ ብሎክ የሚገለበጠው ያኔ ነውና። 20 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ጣውላ በሁለት ስፔሰር መካከል ከፌሮው ሥር ይሞከር፤ ካልገባ እዚያው አንድ ብሎክ ይጨመር።