የአምናው ቦርሳ እንዳለ ይምጣ

ለወላጆች

ትምህርት ሊከፈት ነው። የዕቃ ዝርዝሩም እጅዎ ገብቷል። ሁለት ሦስት ልጅ ካለዎትማ ዝርዝሩ ራሱ አንድ ደብተር ይወጣዋል።

ዘንድሮ አንድ ነገር እንለምንዎ። የአምናውን ቦርሳ ሳያራግፉ ወደ ጽሕፈት መሣሪያ ሱቃችን ይዘው ይምጡ። ባንኮኒው ላይ አብረን እንዘረግፈዋለን።

አምና አንዲት እናት ለሦስት ልጆች ሙሉ ዕቃ ሊገዙ መጡ። ቦርሳዎቹን ስናራግፍ ግማሻቸው ያልተጻፈባቸው ስድስት ደብተሮች፣ አራት ማስመሪያ፣ ሁለት ኮምፓስና ጫፋቸው ብቻ የተሰበረ አሥራ አንድ እርሳሶች ወጡ። ከታች ደግሞ ፈተና የተፈተኑበት ወረቀት ተጨማዶ ተቀምጧል። እሱን ለእናትየው አላሳየንም፤ የልጁ ጉዳይ ነው። ሴትዮዋ የገዙት ካሰቡት ግማሹን ነበር። ሽያጫችን ቀነሰ፣ አንክድም። ግን በዓመቱ ውስጥ አራት ጊዜ ተመልሰው መጥተዋል። ለእኛ የሚያዋጣን ይሄኛው ነው።

ከአምና የተረፉትን ባዶ ሉኮች አንጥላቸውም። ቆርጠን፣ በስፒራል ጠርዘን ለሒሳብ ማስሊያ የሚሆን ደብተር እናደርግልዎታለን። በነፃ ነው። እዚሁ ከገዙ ብቻ የሚል ነገር የለውም።

አሁን ስለ እርሳስ። «ልጄ እርሳስ ይበላል» የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ርካሽ እርሳስ ውስጥ ግራፋይቱ መሀል ላይ አይውልም፤ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ሲቀረጽ በአንድ በኩል እንጨቱ ይቀራል፣ ጫፉ ይሰበራል፣ እንደገና ይቀረጻል። በሁለት ሳምንት አለቀ። ስለዚህ ሲገዙ የእርሳሱን ቂጥ ይዩት። ጥቁሯ ነጥብ መሀል ላይ ካለች ጥሩ ነው። ከሌለች ይመልሱት፣ እኛ ሱቅ ያለም ቢሆን። ለታናናሾቹ፣ ሲጽፉበት ብዙ መጫን የማይፈልገውን ቱቢ እንመክራለን። ለሌላው ኤችቢ ይበቃል።

ቦርሳ ላይ ደግሞ መልኩን ልጁ ይምረጥ፤ እርስዎ ማንገቻውን ይምረጡ። ሰፊና ስፖንጅ ያለው፣ ሁለቱም ትከሻ ላይ የሚውል ይሁን። የተሞላ ቦርሳ ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ባይበልጥ ይመከራል። 30 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ተኩል መሆኑ ነው። በር ላይ ሚዛን አስቀምጠናል። ባዶውን ቦርሳ ይመዝኑት፤ አንዳንዱ ገና ባዶውን ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል!

የዘንድሮው ቅናሽ እንዲህ ነው። አንድ ደርዘን ደብተር ለገዛ፣ የሁሉም ሽፋን ከእኛ። ሸፍነን፣ ስምና ክፍል የሚጻፍበትንም ወረቀት ለጥፈን እናስረክባለን። አምስት ወላጆች ተባብረው ከመጡ በጅምላ ዋጋ ይስተናገዳሉ፤ የአንድ ክፍል ወላጆች መሆን የለባቸውም፣ ጎረቤትም ይሆናል። ሰልፍ የሚሰለችዎ ከሆነ ዝርዝሩን ጠዋት ይስጡን፣ በማግስቱ ታሽጎ ይጠብቅዎታል።

መምህሩ ሌላ ዓይነት ደብተር ቢያዝስ? ያጋጥማል፤ ባለ 50 ሉክ ተገዝቶ ባለ 100 ነው የሚባልበት ጊዜ አለ። ያልተጻፈበትን ከነደረሰኙ ትምህርት በተጀመረ እስከ 15 ቀን ድረስ እንቀይራለን። ሽፋኑን ግን ቸኩለው አያስለብሱት።

አንድ ነገር እንጨምር። ልጅዎን ይዘው ቢመጡ ደስ ይለናል። ለእነሱ ለብቻ የጻፍነው አለ፤ ከዚህ በታች ነው። እርስዎ ማንበብ አይከለከሉም፣ ግን የተጻፈው ለእነሱ ነው።

ለተማሪዎች

ሰላም ነው? እረፍት አለቀ። እናውቃለን፣ ባይነሳ ይሻል ነበር።

ግን አዲስ ደብተር የመጀመሪያውን ገጽ ስትገልጡት ያለው ሽታ ያው አሪፍ ነው። ሁለት ገጽ በቆንጆ እጅ ጽሑፍ ትጽፋላችሁ፣ ሦስተኛው ላይ ይበላሻል። ሁላችንም እንደዚያ ነበርን።

ዘንድሮ ሱቁ ውስጥ የእስክሪብቶ መሞከሪያ ጠረጴዛ አለ። ሃያ ዓይነት እስክሪብቶና ባዶ ወረቀት። በማሸጊያው አትምረጡ፤ ስማችሁን ሦስት ጊዜ በፍጥነት ጻፉና እዩት። ጄል እስክሪብቶ ይለሰልሳል፣ ቀለሙም ይደምቃል። ግን ቶሎ አይደርቅም፣ ስስ ወረቀት ላይ ደግሞ ወደ ጀርባው ያልፋል። በግራ እጅ የምትጽፉ ይሄን ታውቁታላችሁ፤ የመዳፋችሁ ጎን ሰማያዊ ሆኖ ነው ቤት የምትገቡት። ለእናንተ ተራው ቦልፖይንት ይሻላል። የግራ እጅ መቀስም አስመጥተናል። ጠይቁን፣ ከባንኮኒው ጀርባ ነው።

ኮምፓስ ስትገዙ እዚሁ አንድ ክብ ሥሩበት። የጀመራችሁበትና የጨረሳችሁበት ካልገጠመ ማጠፊያው ላልቷል ማለት ነው፤ ሌላ አንሱ። ፈተና ላይ ክቡ እንደ ድንች ከሚወጣ አሁን ማወቅ ይሻላል።

ካልኩሌተር የምትገዙ ትልልቆቹ ደግሞ ይቺን ስሙ። sin 30 ብላችሁ አስገቡ። 0.5 ካወጣ ሰላም ነው። −0.988 ካወጣ ካልኩሌተሩ አልተበላሸም፤ RAD ላይ ነው ያለው። DEG ላይ መልሱት። በየዓመቱ «ይሄ ውሸታም ነው» ብሎ ሊመልስ የሚመጣ አይጠፋም። አስተካክለን እንሰጠዋለን። እየሳቅን፣ ግን በልባችን።

ለእናንተ ያዘጋጀነው ይሄ ነው። የተማሪ መታወቂያ ይዞ ለመጣ ከእስክሪብቶ፣ ከሃይላይተርና ከስዕል ዕቃ ላይ 10 በመቶ ቅናሽ አለ። መታወቂያ ገና ያልወጣላችሁ የአምናውን አሳዩን። ከጓደኛ ጋር ከመጣችሁ ሁለተኛው የኮምፓስ ሳጥን በግማሽ ዋጋ ነው፤ እንዴት እንደምትካፈሉት የእናንተ ፋንታ። ቀለም ያለቀባቸው አምስት እስክሪብቶዎች ላመጣ አንድ አዲስ በነፃ። ከወንድም የተሰረቀ አይቆጠርም። ያለቀ መሆኑን ደግሞ ወረቀት ላይ ሞክረን ነው የምንቀበለው።

ሽፋኑም በእናንተ ምርጫ ነው። የምትወዱትን ስዕል፣ ራሳችሁ የሣላችሁትን ወይም ፎቶ አምጡ። በደብተሩ ላይ አድርገን በላስቲክ እንሸፍነዋለን። አንዷ አምና የድመቷን ፎቶ በሰባቱም ደብተር ላይ አድርጋ ሄደች፤ የትኛው የባዮሎጂ እንደሆነ በምን እንደምትለይ እስከ ዛሬ አልገባንም። እናንተ ጥግ ላይ የትምህርቱን ስም ጻፉበት።

አንድ ውለታ ደግሞ ዋሉልን። ቤት የተሰጣችሁን ዝርዝር ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። አምና የትኛው ዕቃ እንዳስቸገራችሁም ንገሩን፤ የማይቀርጽ መቅረጫ፣ ወረቀት የሚቀድ ላጲስ፣ ዚፑ የተበጠሰ የእርሳስ መያዣ። ብዙ ቅሬታ የመጣበትን ከመደርደሪያው እናወርዳለን። አምና በእናንተ ቅሬታ አንድ ሮዝ ላጲስ ወርዷል፤ እኛማ ቀለሙ ደስ ብሎን ነበር።

ቅናሹ ትምህርት ከመከፈቱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይጀምርና ከተከፈተ በኋላ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት ነን። ቅዳሜ ከሰዓት ይጨናነቃል። ጠረጴዛው ላይ በደንብ መሞከር የፈለገ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይምጣ። ወረቀቱ ላይ የፈለጋችሁትን ጻፉ፤ የመምህራንን ስም ብቻ ተዉት፣ እነሱም እዚሁ ነው እስክሪብቶ የሚገዙት።