ስለ ማስተርስ ተማሪ ሰላማዊት ምዕራፍ ሦስት ከአማካሪዋ የቀረበ የድጋፍ ደብዳቤ

ቀን፦ ሰኔ 5 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የአካዳሚክ ታማኝነት አጣሪ ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ በማጣራት ላይ ስላለው የቴሲስ ምዕራፍ የአማካሪ አስተያየት ስለ መስጠት

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

በአፈርና ውኃ ጥበቃ የማስተርስ ተማሪያችን ሰላማዊት የጻፈችው ምዕራፍ ሦስት በተርኒቲን ሲታይ 43 በመቶ መመሳሰል አሳይቷል። ጉዳዩ ወደ እናንተ እንደተመራ ትምህርት ክፍሉ ነግሮኛል። ኮሚቴው ሳይወስን የማውቀውን ልናገር ብዬ ይህን ጻፍኩ።

አማካሪዋ ነኝ። ስሜ ከስሟ ጋር በአንድ ሽፋን ላይ አለ። ስለዚህ ገለልተኛ ምስክር ነኝ አልልም፤ ያንን አውቃችሁ አንብቡኝ። ከዚህ በታች የምለውን ግን ከመስክ ደብተሯ፣ ከላቦራቶሪው መዝገብና ከተጻጻፍናቸው ኢሜይሎች አንድ በአንድ ማመሳከር ትችላላችሁ።

ጥናቷ በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ ወረዳ አንጀኒ ተፋሰስ ላይ ነው። አንጀኒ ለዘርፋችን እንግዳ ቦታ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1984 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፍቶበታል። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ፋንያ ጁ የሚባለው እርከን በስፋት ተሠርቶበታል። ገበሬው ቦይ ቆፍሮ አፈሩን ወደ ላይኛው በኩል የሚወረውርበት ዓይነት ማለት ነው። እርከኑ ሲቆይ ከበላዩ ደለል ይይዛል፣ ማሳውም ቀስ በቀስ ሜዳ እየሆነ ይሄዳል። የሰላማዊት ጥያቄ ይህ ነው፦ ከእነዚህ ዓመታት በኋላ በአፈሩ ውስጥ ያለው ካርቦን በእርከኑ የጨመረው በመላው ማሳ ላይ ነው ወይስ ደለሉ በተኛበት ብቻ? ለዚህም በ16 ማሳዎች ላይ፣ በእርከን መሃል ያለውን ቦታ ላይኛውና ታችኛው ብላ ለይታ፣ ከሁለት ጥልቀት 64 ናሙና ወስዳለች። ላይና ታች ብሎ መለየቱ በፕሮፖዛሏ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ አልነበረም። ከቅኝት ተመልሳ ነው ያመጣችው። «የታችኛው አፈር በእጅ ሲያዝ እንኳ ሌላ ነው፤ ቀላቅለን ብንወስደው ልዩነቱን እናጣዋለን» አለችኝ። ትክክል ነበረች።

አሁን ወደ 43 በመቶው ልምጣ። ሪፖርቱን ከፍቼ ቀለም የተቀባውን መስመር በሙሉ ከምንጩ ጋር አስተያይቼዋለሁ። እናንተም እንዲሁ እንድታደርጉ አደራ እላለሁ። ምክንያቱም ሶፍትዌሩ የሚያሳየው የትኛው ጽሑፍ ከየትኛው ጋር እንደሚመሳሰል ነው። ኮርጃለች ወይስ አልኮረጀችም የሚለውን አይነግረንም። ድርጅቱ ራሱም እንዲህ አይልም። ያንን መወሰን የሰው ሥራ ነው፤ እናንተም የተሰየማችሁት ለዚሁ ነው።

ትልቁ ድርሻ፣ 17 በመቶው፣ የተመሳሰለው ከራሷ ፕሮፖዛል ጋር ነው። ፕሮፖዛሉ ኅዳር ላይ ሲጸድቅ በዚሁ ሶፍትዌር አልፎ ቋቱ ውስጥ ቀርቷል። ሪፖርቱ ላይ ምንጩ «የተማሪ ጽሑፍ» ተብሎ ስለሚወጣ ለሚያየው ሰው ከሌላ ተማሪ የተወሰደ ይመስላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብታነቡ ግን ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። ፕሮፖዛሉ «ናሙና ይወሰዳል»፣ «ይመዘናል» ይላል። ምዕራፉ «ተወሰደ»፣ «ተመዘነ» ይላል። የጥናት ዘዴ ምዕራፍ የሚጻፈው እንዲህ ነው። አደርጋለሁ ያለችውን አደረገች፤ ያደረገችውን ጻፈች። ተማሪዎቻችን የጸደቀውን ፕሮፖዛል ጊዜውን ቀይረው ምዕራፍ ሦስት እንዲያደርጉት የምናስተምረውም እኛው ነን።

12 በመቶው የላቦራቶሪ አሠራር ነው። ኦርጋኒክ ካርቦን የተለካው በዎክሊ ብላክ ዘዴ ነው። 10 ሚሊ ሊትር ፖታሲየም ዳይክሮሜት ይጨመራል፣ 20 ሚሊ ሊትር ሰልፈሪክ አሲድ ይከተላል፣ 30 ደቂቃ ይቀመጣል፣ ከዚያ ቲትሬት ይደረጋል። ይህን አሠራር በስንት ዓይነት ቃል መጻፍ ይቻላል? ዘዴው በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1934 ጀምሮ አለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች ላይም ይኸው ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል። ተማሪ ሶፍትዌሩን ሽሽት የአሠራሩን ቃል ብትለዋውጥ፣ ነገ ያንን ይዞ ሙከራውን የሚደግም ሰው ይሳሳታል። ዘዴው የማን እንደሆነ በአግባቡ ጠቅሳለች። የአፈሩን እፍጋት ለማወቅ በ105 ዲግሪ ማድረቅ የሚለውም እንደዚሁ ነው። 8 በመቶው ደግሞ የጥናቱ ቦታ መግለጫ ነው፦ ከፍታው፣ የዝናቡ መጠን፣ የአፈሩ ዓይነት። ስለ አንጀኒ የጻፈ ሁሉ እነዚህን ቁጥሮች ይጠቅሳል። እሷም ከነምንጫቸው ነው ያስቀመጠቻቸው። 2 በመቶው እዚህም እዚያም የተበተነ የሦስትና የአራት ቃል ሐረግ ስለሆነ አላቆያችሁም።

የቀረው 4 በመቶ ነው። እዚህ ላይ አልሸፋፍንም። በምዕራፉ መጨረሻ አካባቢ ሁለት አንቀጾች አሉ። የካርቦን ክምችት ሲሰላ የአፈር እፍጋት ለምን እንደሚያስፈልግ ያብራራሉ። ሁለቱም ከአንድ የጆርናል ጽሑፍ ጋር በጣም ተቀራርበዋል። ጥቂት ቃላት ተቀይረዋል፤ የዓረፍተ ነገሩ አካሄድ ግን የባለቤቱ እንደሆነ ቀርቷል። ምንጩ በየአንቀጹ መጨረሻ ተጠቅሷል። ትእምርተ ጥቅስ ግን የለም። ይህ ትክክል አይደለም። ምንጭ መጥቀስ ብቻውን የሌላውን ሰው አገላለጽ የራስ አያደርገውም። ለእሷም ፊት ለፊት ይህንኑ ነግሬያታለሁ።

የሰጠችኝን መልስም ልናገር። አላስተባበለችም። «ሁሉም እንዲህ ይጽፋል» አላለችም። ላፕቶፗን ከፍታ ማስታወሻ የያዘችበትን ፋይል አሳየችኝ። ከጽሑፉ በእንግሊዝኛ የገለበጠችው ከላይ አለ፣ የራሷ አስተያየት ከሥሩ በአማርኛ አለ። ወደ ምዕራፉ ስታመጣው በራሷ አማርኛ ላይ ከመመሥረት ይልቅ የተገለበጠውን እንግሊዝኛ ነካ ነካ አድርጋ አስገባችው። በሁለተኛና በሦስተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ይህን የምለው ስህተቱን ለማቅለል አይደለም፤ ከየት እንደመጣ ኮሚቴው እንዲያውቅ ነው። የሰውን ሥራ የራሷ አስመስላ ለማቅረብ ያሰበች ሰው የምንጩን ስም እዚያው አንቀጹ መጨረሻ ላይ አታስቀምጥም።

እነዚያ አንቀጾች ማብራሪያ ናቸው። መረጃው፣ ትንተናውና መደምደሚያው በእነሱ ላይ አልቆመም። ሁለቱንም አውጥታችሁ ብትጥሏቸው የጥናቱ ውጤት በአንድ ቁጥር እንኳ አይለወጥም።

ስለ መረጃው ታማኝነት አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህችን ተማሪ በደንብ ያወቅኳት ያኔ ነውና። የካቲት ላይ ላቦራቶሪ ገብታ ነበር። የደብተሯን ገጽ አሁንም ማየት ትችላላችሁ፦ የ14 ናሙና ውጤት በእስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር ተሰርዟል፤ ቁጥሮቹ ግን ከሥሩ ይነበባሉ። ጠርዙ ላይ «ብላንኩ ከትናንቱ ጨምሯል፣ ፌረሱ ደክሟል፣ ይደገም» የሚል አለ። ለቲትሬሽን የምንጠቀምበት የፌረስ መፍትሔ አየር ሲያገኘው እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ በየቀኑ በብላንክ፣ ማለትም አፈር ሳይገባበት በሚሠራ ሙከራ፣ መፈተሽ አለበት። ብላንኩን የሠራችው ከናሙናዎቹ በኋላ ነበርና ቁጥሩ ከፍ ማለቱን ያየችው ሁሉም ካለቀ ወዲያ ነው። የትናንቱን ብላንክ ይዛ ብታሰላው የእነዚያ ናሙናዎች ካርቦን ከእውነተኛው አንሶ ይወጣ ነበር። ማንም አያውቅባትም። እኔም አላውቅም ነበር። ዳይክሮሜት እያለቀ፣ የላቦራቶሪ ተራ ለማግኘት እየተለመነ ባለበት ጊዜ በማግሥቱ አዲስ መፍትሔ አዘጋጅታ 14ቱንም ከመጀመሪያው ደገመቻቸው። ይህንንም ምዕራፍ ሦስት ውስጥ በግልጽ ጽፋዋለች። ሪፖርቱን ስታዩ ያ አንቀጽ አንድም ቀለም አልነካውም። ለምዕራፉ የክብደት ሚዛን የምታወጡ ከሆነ ያንን አንቀጽም አንብቡልኝ።

ምዕራፉ እንዴት እንደተጻፈም በኢሜይል ተመዝግቧል። ረቂቆቹ ከኅዳር እስከ ግንቦት በተለያየ ጊዜ ደርሰውኛል። የእኔ አስተያየት በየዳሩ አለ፣ የእሷም ማስተካከያ በሚቀጥለው ረቂቅ ላይ ይታያል። ገዝቶ ወይም አስጽፎ የሚመጣ ሰው እንዲህ ያለ ዱካ አይኖረውም። ሁሉንም ከእነ ቀናቸው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ኮሚቴውን የምጠይቀው ጉዳዩ ዝም ተብሎ እንዲዘጋ አይደለም። ማጣራቱ ተገቢ ነው። የዩኒቨርሲቲያችን ዲግሪ ክብር የሚኖረው እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ ነው። ልመናዬ ውሳኔው በመቶኛው ላይ እንዳይቆም ነው። ተመሳሰሉ የተባሉት ክፍሎች አንድ በአንድ ይታዩ። ተማሪዋም በአካል ትቅረብ። ስለ ናሙና አወሳሰዷ፣ ስለ ስሌቷ፣ ስለ ማንኛውም ሠንጠረዥ ያለ ወረቀት ጠይቋት። ሥራው የእሷ መሆን አለመሆኑን ከየትኛውም ሶፍትዌር በፊት ከአፏ ትሰማላችሁ።

ሁለቱን አንቀጾች በተመለከተ፣ በራሷ ቃል እንደገና እንድትጽፋቸውና በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንድትታለፍ ሐሳብ አቀርባለሁ። ቴሲሱ ውድቅ ይሁን ወይም ዓመቷ ይቃጠል ቢባል ግን ቅጣቱ ከጥፋቱ እጅግ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ዲፌንሷ ሰኔ 22 ተይዟል። ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ተልካ የመጣች ባለሙያ ናት። የትምህርት ፈቃዷም በዚህ ክረምት ያበቃል። ቀኑ ካለፈባት ወደ ሥራዋ ዲግሪውን ሳትይዝ ነው የምትመለሰው። ስለዚህ ውሳኔው ከዚያ ቀን በፊት እንዲሰጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የመስክ ደብተሯና የተረፈው የአፈር ናሙና በላቦራቶሪያችን መደርደሪያ ላይ አሉ። ከረጢቶቹ ላይ የማሳው ቁጥር፣ ጥልቀቱና ቀኑ በእጇ ተጽፎባቸዋል። ኮሚቴው በፈለገ ሰዓት ከፍቼ አሳያለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ቢሮዬ አለሁ፤ ስብሰባ ላይ ቀርቤ እንዳስረዳ ከተጠራሁም እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር

ዶ/ር መስፍን
የቴሲሱ ዋና አማካሪ
የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ትምህርት ክፍል

ግልባጭ፦
ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ
ለተማሪ ሰላማዊት