አልጋ 7፣ አራተኛ ቀን፦ ከራውንድ ወደ ካርድ

ኅዳር 24፣ ጠዋት 4፡20። የሴቶች ሜዲካል ዋርድ።

ራውንድ ላይ የተባለው፣ እንደሰማሁት፦ «ሰባት። እማማ ተሽሏቸዋል። ኦክስጅን ቀንሱ፣ ሴፍትሪያክሶን ይቀጥል፣ አዚትሮ ሦስት ቀን ሞልቷል ይቁም፣ ክሬቲኒን ድገሙ፣ ኢናላፕሪልና ሜትፎርሚን እንዳይጀመሩ፣ ኢንሱሊን ቀንሱ፣ ጂንኤክስፐርቱ የት ደረሰ? ከአልጋ አስነሷቸው። ቀጣይ።»

ኤስ
የ58 ዓመት እናት፣ ከለገጣፎ ወጣ ካለ ሰፈር የመጡ። ስኳርና ግፊት አለባቸው። ትንፋሹ ቀለል ብሏቸዋል፣ ሌሊት ተኝተዋል። ሳል አለ፣ አክታው ቀንሷል፣ ደም የለውም። ሳሉ ትኩሳቱ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ሳምንት እንደቆየ ዛሬ ነው የነገሩኝ። ትናንት ከሰዓት አልቧቸው፣ ተንቀጥቅጠው፣ ዓይናቸው ጭልም ብሎባቸው ነበር። ስጠይቃቸው የነቢያት ጾም ነው፣ እስከ 9 ሰዓት እህል አልቀመስኩም አሉ። የጠዋቱን ኢንሱሊን ግን 1 ሰዓት ላይ ተወግተዋል። ይህ ራውንድ ላይ አልተነሳም።

ኦ
ሙቀት 37.1፣ የልብ ምት 88፣ ትንፋሽ 20 (ሲገቡ 32)፣ ግፊት 138/84። ኦክስጅን በ2 ሊትር 94፣ ለ10 ደቂቃ ሲነሳ 90። ቀኝ ሳንባ ከታች አሁንም ይንኮሻኮሻል፣ እግር አላበጠም። ክብደት 64 ኪሎ፣ የ24 ሰዓት ሽንት 1,400 ሚሊ ሊትር። ክሬቲኒን 2.4 ነበር፣ ትናንት 1.9፤ ከሦስት ወር በፊት ካርዳቸው ላይ 0.9 ነው። ስኳር ትናንት ጠዋት 168፣ 8 ሰዓት ላይ 58፣ ግሉኮስ ከተሰጣቸው ከ15 ደቂቃ በኋላ 97፣ ማታ 211፣ ዛሬ ጠዋት 142።

ኤ እና ፒ፣ በየችግሩ

1. የሳንባ ምች፣ እየተሻለ ያለ። ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም በደም ሥር በየ12 ሰዓቱ ይቀጥላል፣ ዛሬ 4ኛ ቀን። አዚትሮማይሲን ቆሟል። ኦክስጅን ከ2 ወደ 1 ሊትር፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ ይለካ። ግባችን 90 እና ከዚያ በላይ ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ጤነኛ ሰውም ከባሕር ጠረፍ ሰው ዝቅ ይላል፣ 98 ፍለጋ ሲሊንደር አንጨርስ። ከ90 ከወረደ ወደ 2 መልሱና ጥሩኝ።

2. የስኳር መውረድ። ዛሬ በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ኢንሱሊን ቀንሱ ተብሎ ቁጥር ስላልተነገረ ተመልሼ ሲኒየራችንን ጠየቅኩ፦ ኤንፒኤች ጠዋት ከ16 ወደ 12፣ ማታ ከ8 ወደ 6። ምክንያቱ ሁለት ይመስለኛል፦ ሳይበሉ መወጋታቸው፣ ኩላሊቱም ሲደክም ኢንሱሊን ሰውነት ውስጥ መቆየቱ። ስለዚህ መጠን መቀነሱ ብቻውን አይበቃም። ነርሶች፣ እባካችሁ ምግቡ ፊታቸው ሳይቀርብ እንዳትወጉ። ስኳር ከየምግቡ በፊትና ማታ 4 ሰዓት ይለካ፣ ከ70 በታች ከሆነ ወዲያው ይታከምና ይነገረኝ። እማማ ያለ ንስሐ አባታቸው ፈቃድ አልፈታም ብለዋል። ልጃቸው ደውላላቸው አባ ራሳቸው «ታመሻል፣ ብዪ» ብለዋቸዋል፤ ፊቴ አጥሚት ጠጥተዋል። ከቤት የመጣው ፌስታል ውስጥ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ አገኘሁ። ልጅቷ አልሰጠሁም ብላለች፣ መድኃኒቱን ለነርሷ አስረክባለች።

3. የኩላሊት መጎዳት፣ እየተመለሰ ያለ። ከመምጣታቸው በፊት ለወገብ ሕመም ሦስት ቀን ዲክሎፌናክ ተወግተዋል፤ ከኢናላፕሪልና ከውሃ ማነስ ጋር ተደራርቦ ይመስለኛል። ክሬቲኒንና ፖታሲየም ዛሬ ከ6 ሰዓት በፊት ይላክ፣ ደሙን እኔ እቀዳለሁ። ኢናላፕሪልና ሜትፎርሚን አይሰጡም። ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ክልክል፣ ሕመም ካለ ፓራሲታሞል። ሽንት መለካቱ ይቀጥል።

4. ቲቢ ይሆን? ሳሉ ቆይቷል፣ ስኳርም አለባቸው። አክታው ለጂንኤክስፐርት ትናንት ተልኳል፣ ውጤት አልመጣም፤ 8 ሰዓት ላይ ላብራቶሪ እሄዳለሁ። እስኪታወቅ ማስክ ያድርጉ፣ አልጋቸው ወደ መስኮቱ ተጠግቷል።

5. ግፊት። ያለ መድኃኒትም ደህና ነው። ከ160/100 ካለፈ ንገሩኝ።

6. መተኛት ማብዛት። ሄፓሪን 5,000 ከቆዳ ሥር በቀን ሁለቴ ይቀጥላል። ዛሬ በልጃቸው ድጋፍ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ይሄዳሉ፣ ሲመለሱ ኦክስጅኑ ይለካ።

ለማታ ተረኛ፦ ክሬቲኒኑ ከ1.9 ከጨመረ ወይም ሽንት በ6 ሰዓት ውስጥ ከ200 ሚሊ ሊትር ካነሰ ሲኒየሩን ደውልለት። የማታውን ኢንሱሊን ከማዘዝህ በፊት እራት በልተው እንደሆነ ራስህ ጠይቃቸው። ልጃቸው 1 ሰዓት ላይ የታክሲ ወረፋ ሳይረዝም ትሄዳለች፣ ከዚያ በኋላ አጠገባቸው የሚቀመጥ የለም።

ኢንተርን፣ ሜዲካል ዋርድ። ከሲኒየር ጋር 4፡50 ላይ ተነቧል።