ማጠቃለያ፦ የምርመራው ውጤት አስቀድሞ የሕመምተኛው ነው

ይህ ጽሑፍ የተነሣበት ጥያቄ፣ ቤተሰብ «እባክዎን ዶክተር፣ ለእናታችን እንዳይነግሩብን» ብሎ ሲለምን፣ ሐኪሙ በሽታው ካንሰር መሆኑን ከሕመምተኛዋ ሊደብቅ ይገባዋልን የሚል ነው። መልሴ አይገባውም ነው። ሐኪም ስለ ሕመሙ ለሚጠይቀውና ለመወሰን ለሚችል አዋቂ ሰው መዋሸት የለበትም፤ ሕመምተኛው ለምን እንደሚታከም ሳያውቅ፣ ልጁ ወይም ወንድሙ በፈረመው ወረቀት ብቻ ቀዶ ሕክምናም ሆነ ኬሞ ሊጀመርለት አይገባም። ነገሩ መቼ፣ በማን አፍና በምን ዓይነት ቃል ይነገር በሚለው ላይ ቤተሰብ ሊመክርና ሊደመጥ ይገባዋል፤ ይነገር ወይስ ይቅር በሚለው ላይ ግን ከሕመምተኛው የሚበልጥ ሥልጣን የለውም። ሕመምተኛው ራሱ «እኔ መስማት አልፈልግም፤ ለልጄ ንገሩት» ካለ ፈቃዱ ይከበርለታል፤ ያን ጊዜ ልጁ የሚወስነው ከአባቱ በተቀበለው ውክልና እንጂ አባቱ በማያውቀው ምሥጢር አይደለም።

የተቃራኒው ወገን መነሻ «ውሸትም አንዳንዴ ይጠቅማል» የሚል ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ቀላል ነበር። ብርቱው መከራከሪያ ግን ሌላ ነው። በአገራችን ሰው ብቻውን አይታመምም። አስታማሚ ከአልጋው ሥር መሬት ላይ አንጥፎ ያድራል፤ በሆስፒታሉ የታጣውን መድኃኒት በየፋርማሲው እየዞረ ይፈልጋል፤ ገንዘብ ሲያልቅ ከብት ይሸጣል፣ ከዘመድ ይበደራል። ይህን ሁሉ የተሸከመ ቤተሰብ ክፉውን ወሬም ልሸከመው ሲል የሚያደርገው መብት መንጠቅ ሳይሆን የለመደውን ሸክም መጨመር ነው፤ ሐኪሙ ይህን ቤተሰብ እንደ ባዕድ ከበር ውጭ ማቆሙም ትክክል ሊሆን አይችልም። ከዚህ የሚከብድ ደግሞ አለ። ከምርመራ በኋላ «ስለ በሽታዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ተብላ የተጠየቀች እናት ነገሩ ክፉ መሆኑን ከጥያቄው ትረዳለች። ስለዚህ የማወቅና ያለማወቅ ምርጫ ሰጠናት ስንል አለማወቅን ከእጇ ወስደንባታል ማለት ነው። በሦስተኛው ክፍል ከዘረዘርኳቸው ተቃውሞዎች ሁሉ ብርቱው ይህ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚፈታው መልስ አለኝ ብዬም አልከራከርም።

ከፊል መልስ ግን አለ። ጥያቄው ናሙና ከመወሰዱ በፊት፣ ሐኪሙም ውጤቱን ገና በማያውቅበት ጊዜ፣ ለሚመረመር ሰው ሁሉ እንደ ተራ ነገር ሊቀርብ ይችላል፦ ውጤቱ ሲመጣ ለእርስዎ ልንገርዎ፣ ከልጅዎ ጋር አብራችሁ ትሰሙ፣ ወይስ ለልጅዎ ብቻ? ሁሉም ሲጠየቅ ጥያቄው ለማንም ምልክት አይሆንም። የሚቀሩት ውጤታቸው በልጃቸው ኪስ ባለ ፖስታ ታሽጎ ከሌላ ሆስፒታል ሪፈር ተብለው የሚመጡ ሕመምተኞች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ባይጠየቁ የሚሻላቸው እንደሚኖሩ፣ በእኔ አቋም ምክንያትም የሚጎዱ እንደሚሆኑ አምናለሁ። ይህን ጉዳት የምቀበለው የመደበቁ ጉዳት ከዚህ የሚብስ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

በሁለተኛው ክፍል የቀረበውን ምሳሌ እንመልከት። የማኅፀን በር ካንሰር የተገኘባቸው የ58 ዓመት እናት «ቁስለት ነው፣ በመድኃኒት ይድናል» ተብለው ኬሞ ይጀምራሉ። ፀጉራቸው ይረግፋል። ተራ ሲጠብቁ አጠገባቸው የተቀመጠች፣ ራሷን በሻሽ የሸፈነች ሴት «እናቴ፣ እርስዎ ስንተኛ ኬሞዎ ነው?» ትላቸዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናት ያውቃሉ፤ ልጆቻቸው ግን ማወቃቸውን አያውቁም፤ እርሳቸው ልጆቹን ላለማሳዘን፣ ልጆቹም እርሳቸውን ላለማስደንገጥ እየተደባበቁ ለየብቻ ያለቅሳሉ። እንግዲህ ውሸቱ ዕውቀቱን አላስቀረም፤ ያስቀረው መነጋገርን ነው። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ድካሙ ሲበዛባቸው ሕክምናውን ትተው ጸበል ለመግባት ይወስናሉ። መወሰኑ የእርሳቸው መብት ነበር። ነገር ግን ማቋረጡ ምን እንደሚያስከትል ሊነግራቸው የሚችል ሰው አልነበረም፤ ያን ለመንገር የበሽታውን ስም መጥራት ያስፈልግ ነበርና።

መደበቅ ባህላችን ነው ለሚለው ሙግት፣ ባህሉን ራሱን ጠጋ ብሎ ማየት ይበቃል። መርዶ ስንናገር እንጠነቀቃለን፤ ዘመድ እስኪሰበሰብ ወሬው ይያዛል፣ ሐዘንተኛው ሌሊቱን እንዲተኛ ይተዋል፣ መርዶ ነጋሪዎችም በማለዳ ሽማግሌ አስቀድመው ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ ጊዜውና ስለ አነጋገሩ ነው፤ መርዶውን ጨርሶ ማስቀረትን የሚያዝ የለም፤ እንዲያውም የወላጅ መርዶ የተደበቀበት ሰው ዘመዶቹን አጥብቆ ይወቅሳል። እርግጥ መርዶ የሌላ ሰው ሞት ነው፣ የራስን ሕመም ከመስማት ጋር እኩል አይሆንም የሚል መልስ ይነሣል፤ ተገቢ መልስም ነው። ስለ ራስ ሞት ግን ሌላ ሥርዓት አለን። ኑዛዜ የሚናዘዝ፣ የንስሐ አባቱን የሚያስጠራ፣ የተጣላውን የሚታረቅ፣ በእስልምናም ዕዳና አደራውን በወሲያ የሚያስታውቅ ሰው፣ ይህን በጊዜው ለማድረግ ስለ ሁኔታው ማወቅ ያስፈልገዋል። ቤተሰብ በፍቅር የደበቀው ነገር እነዚህን ሁሉ ከእጁ ያወጣበታል።

መንገር ከምዕራብ የመጣ ልማድ ነው የሚለውም በታሪክ አይጸናም። እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ከተጠየቁት ሐኪሞች ከ10 ዘጠኝ ያህሉ የካንሰር ውጤትን ለሕመምተኛ አለመንገርን ይመርጡ ነበር፤ በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ ግን 97 በመቶው መንገርን መረጡ። ይህ መንገር ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም፤ የብዙኃን ሐኪሞች ምርጫ የሥነ ምግባር ማስረጃ አይደለምና። የሚያሳየው መደበቅ የእኛ ብቻ ባሕርይ አለመሆኑን ነው። በአንጻሩ በአሜሪካ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ሕመምተኛ፣ ዘመድ ሳይጠራ፣ በአስተርጓሚ በኩል፣ በሥራ መሀል በሁለት ደቂቃ ውጤቱን የሚያረዳ ሐኪም የእኔን አቋም ፈጽሟል አልልም። እውነቱን ተናግሯል፤ የሰውየውን ወግ ግን አልጠበቀም።

ፈላስፋው ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ወዳጅን ሊገድል ለመጣ ሰው እንኳ መዋሸት አይፈቀድም ሲል ተከራክሯል። የእኔ አቋም በዚያ ላይ የቆመ አይደለም። ሐኪሙ ለጥቂት ቀናት ሊያዘገይ፣ በየቀጠሮው ጥቂት በጥቂት ሊናገር፣ ያልተጠየቀውን የዕድሜ ግምት ሊተው ይችላል። የምቃወመው ሁለት ነገር ነው፤ ለቀረበ ጥያቄ የሐሰት መልስ መስጠትንና ያለ ሕመምተኛው ዕውቀት ማከምን። አቋሜን እንደገና እንድመረምር የሚያስገድደኝ፣ ቀድመው ሲጠየቁ አብዛኞቹ ሕመምተኞች ውጤቱን ከራሳቸው ይልቅ ለቤተሰባቸው እንደሚተዉ መታወቁ አይሆንም፤ እነርሱ ፈቃዳቸውን ሰጥተዋልና። የሚያስገድደኝ፣ በረጋ መንፈስ የቀረበው የመጀመሪያው ጥያቄ ራሱ ሰዎችን ከሕክምና የሚያሸሽ ሆኖ ቢገኝ ነው። እንዲህ ያለ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ሐኪሙ ለለማኙ ልጅ ሊሰጠው የሚገባው መልስ «እናትህን አብረን እንጠይቃቸው» የሚል ነው።