40 ጆንያ የዘጌ ቡና፣ አዲስ አበባ መጋዘን የገባ፦ ናሙና ልላክላችሁ?

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ?

ይበልጣል እባላለሁ። ቡና ላኪ ነኝ፤ የምኖረውና የምሠራው ባሕር ዳር ነው። የኢትዮጵያ ቡና በጅምላ እያስገባችሁ ለቡና ቆዪዎችና ለካፌዎች እንደምታከፋፍሉ ስላየሁ ነው በቀጥታ የጻፍኩላችሁ። ከዚህ በፊት አንተዋወቅም።

የሽያጭ ዝርዝራችሁን ተመልክቻለሁ። ይርጋጨፌ አለ፣ ጉጂ አለ፣ ሲዳማ አለ፣ ሐረር አለ። ከጎጃም ግን ምንም የለም። አይገርምም፤ የጎጃም ቡና አብዛኛው እዚሁ አገር ውስጥ ይጠጣል፣ በራሱ ስም ወደ ውጭ የሚወጣው እምብዛም ነው። እኔ በስሙ የሚወጣ አንድ ምርት ይዣለሁ።

40 ጆንያ ነው። እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ በድምሩ 2,400 ኪሎ። ጣና ሐይቅ ዳር ካለው ከዘጌ ባሕረ ገብ መሬት የተለቀመ፣ ያልታጠበ፣ የ2018 ምርት ነው። ተፈልፍሎና በእጅ ተለቅሞ አልቋል። ከባሕር ዳር ወጥቶም አዲስ አበባ መጋዘን ገብቷል። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ በምክንያት ነው። የጎጃም መንገድ አንዳንዴ እንደሚዘጋ ታውቃላችሁ። ላልደረሰ ቡና ቀን ቆርጬ ቃል መግባት ስላልፈለግኩ፣ ቡናው ዓባይን ተሻግሮ እስኪያልፍ ድረስ ለማንም አልጻፍኩም።

ዋጋው በፓውንድ 5.40 ዶላር ነው፣ ጅቡቲ መርከብ ላይ ተጭኖ። ከኒውዮርክ ገበያ ጋር አላሰርኩትም። እስከ ሰኔ 30 ድረስ አይጨምርም፣ አይቀንስምም።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ 300 ግራም ጥሬ ናሙና ልላክላችሁ? የመላኪያውን ወጪ እኔ እችላለሁ። አድራሻችሁንና ናሙናውን የሚረከበውን ሰው ስልክ በዚሁ ኢሜይል መልሱልኝ። የማትፈልጉት ከሆነም «አይሆነንም» የምትል አንዲት መስመር ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ ደጋግሜ አላስቸግራችሁም።

ከዚህ በታች ያለው ቡናውን ለሚቀምሰውና ለሚገዛው ባልደረባችሁ ነው። ጊዜ ካጣችሁ እስከዚህ ያነበባችሁት ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
ይበልጣል
ቡና ላኪ፣ ባሕር ዳር

አባሪ፦ ስለ 40ው ጆንያ

ቡናው የበቀለበት ቦታ

ዘጌን የጎበኘ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው ገዳማቱን ነው፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን፣ አዝዋ ማርያምን። ወደ ገዳማቱ የሚወስደው የእግር መንገድ ግራና ቀኙ ቡና ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። ቡናው ከዋንዛ፣ ከብርብራና ከሾላ ጥላ ሥር፣ ከጌሾ ጋር ተሰባጥሮ ይበቅላል። በአገሩ ትውፊት ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን የሰጡት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው። በዘጌ ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ሆኖ የቆየውም በእሳቸው ቃል ነው ይባላል። እንግዲህ ሰዉ እህል አያርስም። የሚኖረው ከዛፉ ነው።

ለእኔ የነገሩ ሁሉ ዋናው እዚህ ላይ ነው። ቡናው ጥሩ ዋጋ ካወጣ ዛፉ ይቆማል። ዋጋው ሲወድቅ ግን የጥላው ዛፍ እየተቆረጠ ማገዶ ሆኖ ባሕር ዳር ይሸጣል። የዘጌ ቡና ከሌላ አካባቢ ቡና ጋር ተደባልቆ ስሙን ሲያጣ፣ ተጨማሪ ዋጋ የሚጠየቅበት ነገር አይኖረውም። ለዚህ ነው እነዚህን 40 ጆንያዎች ከማንም ጋር ሳልቀላቅል የያዝኳቸው። እናንተም ስትሸጡት ስሙን እንዳታጠፉበት እለምናችኋለሁ። ጆንያው ላይ «ዘጌ፣ ጎጃም» ተብሎ ታትሟል።

ለቀማውና ማድረቁ

የዘጌ ቡና በውጭ ገበያ ያልታወቀው ጣዕም ስለሌለው አይደለም። አያያዙ ነው። በልማድ አረንጓዴውም ቀዩም አንድ ላይ ይሸመጠጣል። ከዚያ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ይሰጣል፣ ዶሮ ይጭረዋል፣ ማታ ጤዛ ይመታዋል። እንዲህ የደረቀ ቡና ሲቀመስ አፈር አፈር ይላል። ቆዪ ደግሞ ይህን ጣዕም በአንድ ጉንጭ ይለየዋል።

የእኛ ሥራ ይህን መለወጥ ነበር። ከ63 አባወራዎች ጋር ተስማማን። ቀዩን እሸት ብቻ ለቅመው ካመጡ በኪሎ ከአካባቢው ዋጋ 15 ብር ጨምሬ እገዛለሁ። አረንጓዴ የተቀላቀለበትን አልቀበልም። መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ ቅር አላቸው። እውነታቸውን ነው፤ አንዱን ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ እየተመለሱ መልቀም ጉልበት ይጠይቃል። ክፍያው በእጃቸው ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። በተለይ እናቶች ልቅም አድርገው ያመጡት ነበር። ከእነሱ አንዷ ቅርጫታቸውን ሚዛን ላይ ከማስቀመጣቸው በፊት፣ እዚያው ፊቴ ቁጢጥ ብለው ገና ያልቀላውን ፍሬ አንድ በአንድ ያወጣሉ። «የኔን ከሌላው ጋር እንዳትደባልቅብኝ» ይሉኛል።

እሸቱ በለቀማው ዕለት ውኃ ውስጥ ይገባል። የተንሳፈፈው ይወገዳል፣ የጠለቀው አልጋ ላይ ይወጣል። አልጋው ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሽቦና በመረብ የተሠራ ነው። ቀን ቀን በየሰዓቱ ይገላበጣል፣ በቀትር ፀሐይና በማታ ይሸፈናል። ጀንፈሉ እስኪደርቅ ሦስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። የሐይቁ አየር እርጥብ ስለሆነ እዚህ ላይ መቸኮል አይቻልም፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ያልደረቀ ቡና መጋዘን ውስጥ ይሻግታል። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ያስፈልጋል። ዋጋውን ስታዩ ይህንንም አስቡልኝ።

ጣዕሙና ልኬቱ

ይርጋጨፌን አትጠብቁበት። የአበባ መዓዛ ያለው፣ ሎሚ ሎሚ የሚል ቡና አይደለም። አፍ የሚሞላ ነው። የካካዎና የደረቀ ቴምር ጣዕም አለው፣ ኮምጣጣነቱ ለስላሳ ነው፣ ሲበርድ ማር ማር ይላል። ቀማሻችን 84 ነጥብ ሰጥቶታል። ይህ የእኛ ነጥብ ነው፣ ናሙና ልላክላችሁ የምለውም የራሳችሁ ቀማሽ እንዲፈርድ ነው። እኔ እንደማየው ለኤስፕሬሶና ለጀበና ይሆናል። መካከለኛ አቆላል ላይ ይጣፍጣል፤ ከዚያ ካለፈ ካካዎው ይመርራል።

እርጥበቱ መጋዘን ሲገባ ተለክቶ 10.8 በመቶ ነበር። በወንፊት ቁጥር 14 ተነፍቷል። ጆንያው ውስጥ አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ከረጢት አለ፤ ጅቡቲ ላይ ያለውን ሙቀትና ወበቅ ለምታውቁ ለምን እንደሆነ አላብራራም።

ወረቀቱ

ከኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን የሚሰጠው የጥራት ምርመራ ውጤት፣ እንዲሁም የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬትና የትውልድ አገር ማረጋገጫ አብረው ይላካሉ። የሽያጭ ውሉ ከመላኩ በፊት መመዝገብ አለበት፤ ከተቀመጠው ዝቅተኛ ዋጋ በታች መላክም አይፈቀድም። ስለዚህ «ወረቀቱ ላይ ዝቅ አድርገህ ጻፍልን» የሚል ጥያቄ ቢመጣ አላደርገውም።

አውሮፓ ላላችሁ፦ የደን ጭፍጨፋን የሚመለከተው የኅብረቱ ሕግ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ከለማ መሬት የመጣ ቡና እንዳይገባ ይከለክላል። ቡናው የመጣበትን ቦታ የጂፒኤስ መጋጠሚያም ይጠይቃል። የ63ቱንም አባወራዎች ማሳ መጋጠሚያ በስልክ አንስተናል፣ እስከ ስድስት የአሥርዮሽ አሃዝ ድረስ። ሁሉም ከ4 ሄክታር በታች ስለሆኑ ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ ይበቃል። ፋይሉን ከናሙናው ጋር እልክላችኋለሁ። ይህን ሥራ አሁን ያልሠራ ላኪ በኋላ ገዢውን ነው የሚያስቸግረው።

ጭነትና ክፍያ

አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 320 ጆንያ ያህል ይይዛል። የእኔ 40 ነው። ብቻውን አይሞላም፣ ብቻውን ቢሄድም ትራንስፖርቱ ዋጋውን ያበላሸዋል። ስለዚህ የማስበው እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ ሲዳማ ወይም ጉጂ የምትጭኑበት ቀን ካለ፣ የእኔን ጆንያዎች እዚያው ኮንቴይነር ውስጥ አብራችሁ አስጭኑ። ከዕቃ አስተላላፊያችሁ ጋር እኔ እነጋገራለሁ፤ ሰነዱን ለብቻው አዘጋጃለሁ። 40ውን በሙሉ መውሰድ ግዴታ አይደለም። ትንሹ መጠን 10 ጆንያ ነው።

ክፍያ በባንክ በኩል በሰነድ ልውውጥ ቢሆን እመርጣለሁ። ሰነዱ ባንካችሁ ሲደርስ ትከፍላላችሁ፣ ሰነዱን ትረከባላችሁ። ሌተር ኦፍ ክሬዲትም እቀበላለሁ፤ ሆኖም 40ው ጆንያ በሙሉ ቢሸጥ 28,500 ዶላር ገደማ ነው፣ ለዚህ መጠን የባንኩ ወጪ የሚያዋጣችሁ አይመስለኝም። ከናሙናው በኋላ ከተስማማን፣ ከመጫኑ በፊት ከዚያው ጭነት ሌላ ናሙና እልካለሁ። ያ ናሙና መጀመሪያ ከቀመሳችሁት ከተለየ ውሉን ያለ ምንም ቅጣት መተው ትችላላችሁ። ይህ ውሉ ላይ ይጻፋል።

ናሙና የምልከው ሰኞና ሐሙስ ከአዲስ አበባ ነው። እሑድ ማታ የደረሰኝ አድራሻ ሰኞ ይወጣል።