ስለ እኔና እዚህ ስለምጽፈው

እንኳን ደህና መጡ። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በቦሌ አራብሳና በአያት ዙሪያ፣ መኖሪያ ቤት በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ በፎርማንነት ሳገለግል 17 ዓመት ሆኖኛል፤ ሠፈሩም የሚጠራኝ በስሜ ሳይሆን «ጋሼ ፎርማን» እያለ ነው። የምጽፈው ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ቤት ለጀመረ፣ ነገር ግን ግንበኛውና ፌሮ ሠራተኛው የሚነጋገሩትን ለማይከተል ባለቤት ነው። መሐንዲስ አይደለሁም። ስለዚህ የፎቅ ቤት ስሌት ወይም የፌሮ ብዛት የሚጠይቀኝ ሰው ከእኔ የሚያገኘው መልስ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ዘንድ እንዲሄድ ብቻ ነው።

መጻፍ ያስጀመረኝ የራሴ ቤት ነው። በ2004 ዓ.ም. በጋ ላይ መሠረቱን ሳስቆፍር ዋልካው እንደ ድንጋይ ደርቆ ስለነበር፣ በሙያው አራተኛ ዓመቴ ላይ ሆኜ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ይበቃል ብዬ አስቆምኩ። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ እንደሚያብጥና ሲደርቅ እንደሚኮማተር ለሌሎች ስናገር የኖርኩት እኔው ነበርኩ። ሁለተኛው ክረምት እንዳለፈ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ማዕዘን ተነሥቶ እስከ ወለሉ የወረደ ስንጥቅ ታየ፤ የአንድ ብር ሳንቲም በቁሙ ይገባበት ነበር። በሲሚንቶ ደፈንኩት፤ በቀጣዩ በጋ ከዚያው ቦታ ተከፈተ። ዋልካውን አስወጥቶ በገረጋንቲ መተካትና የጣሪያውን ውሃ ከግድግዳው ማራቅ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ዛሬ በዝርዝር የምጽፈው ያን ወጪ ከኪሴ ስለከፈልኩት ነው።

ሲሚንቶ፣ ብሎኬትም ሆነ ቆርቆሮ የሚሸጥ ማንም ሰው እንድጽፍለት አይከፍለኝም፤ መተዳደሪያዬ የፎርማንነት ሥራዬ ነው። ለሙከራ በነፃ የተሰጠኝ ዕቃ ካለ በጽሑፉ የመጀመሪያ መስመር ላይ እገልጻለሁ። ዋጋ ስጠቅስ የገዛሁበትን ቀን አብሬ እጽፋለሁ፤ የሲሚንቶ ዋጋ በእኛ አገር ቀን ካልተጻፈበት ለማንም አይጠቅምምና። የደንበኞቼን ቤት ፎቶ የማሳየው ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ስሳሳት ስህተቱን አልሰርዘውም፤ በላዩ ላይ መስመር አስምሬ፣ እርማቱን ከነቀኑ ከሥሩ አሰፍራለሁ። ለምሳሌ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ሦስት ቀን ውሃ ማጠጣት ይበቃል ብዬ ጽፌ ነበር። በላቦራቶሪ የሚሠሩ አንድ አንባቢ፣ ኮንክሪት ጥንካሬው የሚመዘነው በ28ኛው ቀን መሆኑን አስታውሰው፣ በቂ ውሃ ያላገኘ ኪዩብ በመጭመቂያው ማሽን ሥር እንዴት ቀድሞ እንደሚሰበር በአካል አሳዩኝ። አሁን በዚያ ጽሑፍ ላይ የሚያነቡት «ቢያንስ ሰባት ቀን» የሚለውን ነው፤ የቀድሞው «ሦስት ቀን» ግን መስመር ተሰምሮበት እዚያው አለ።