«ለሽታዬ አልመጣሁም»

የሥልጠና ማህደር፦ የኢንተርንሺፕ ዓመት፣ የውስጥ ደዌ ክፍል፣ ከባድ የሕመምተኛ ግንኙነት
ምሥራቅ ጎጃም፣ ጥቅምት 2017 ዓ.ም.
የሕመምተኛዋ ስምና ቀበሌ አልተጻፈም። በሁለተኛው ቀጠሮ ስለ እሳቸው እንድጽፍ ጠይቄያቸው ፈቅደውልኛል።

የገበያ ቀን ነበር። በገበያ ቀን ተመላላሽ ክፍሉ የሚሞላው ገና በጠዋት ነው፤ ሰው ጤፉን ሸጦ፣ ጨውና ጋዝ ገዝቶ፣ በዚያው «ሐኪም ቤት ልግባ» ይላል። ምሳ አልበላሁም። የመጡት በማቻከል በኩል ካለ ገጠር ሲሆን ዕድሜያቸው ወደ 45 ይጠጋል። አብራቸው ዐሥራ ስድስት ወይም ዐሥራ ሰባት የሚሆናት ልጃቸው ነበረች። ካርዱ ላይ ትሪያጅ የጻፈው ትኩሳት 39.1፣ የልብ ምት 112 ነበር። ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች አብጧል፤ ቆዳው ጠጥሯል፣ ከቁርጭምጭሚት በታች እንደ አተር ያሉ እብጠቶች አሉት። ከዚያም በላይ ቀልቶ ይፋጃል። ዝሆኔ ነው፤ ለማወቅ እንኳን ሐኪም፣ የሰፈር ልጅም አይቸገርም።

ሽታው ከእሳቸው በፊት ገባ። ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትሁ፣ አገጬ ላይ የነበረውን ማስክ ወደ አፍንጫዬ አወጣሁ፣ ወንበሬንም ወደ ኋላ ገፋሁ። ሦስቱንም ያደረግሁት ሳላስብ ነው። አሁን ቆጥሬ የምጽፋቸው ልጅቱ አንድ በአንድ ስታያቸው ዓይኗን ስላየሁ ነው።

«ጫማ ለምን አታደርጊም?» አልሁ። በዚያ ሰዓት ሁሉንም «አንቺ»፣ «አንተ» እያልሁ ነበር። ቤቴ ብሆን እናቴ ትቆጣኝ ነበር።

«የሚገባ ጫማ አምጡልኝና ልርገጥ» አሉ።

«መታጠብስ? በየቀኑ ካልታጠብሽ ይሄው ነው የሚሆነው።»

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው እግራቸው ላይ ጣል አደረጉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እኔ ለሽታዬ አልመጣሁም። ለትኩሳቴ ነው የመጣሁ። ሽታዬንስ እኔም አውቀዋለሁ።» ከዚያ ተነሡ።

እኔ ደግሞ ተናደድሁ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ማፈር ሲገባኝ የተናደድሁት እኔ ነበርሁ። «እንግዲህ መታከም ካልፈለግሽ ማስገደድ አልችልም» ብዬ ፓራሲታሞልና ክሎክሳሲሊን ጽፌ ወረቀቱን ለልጅቱ ሰጠሁ። ካርዱ ላይም «ፑር ሃይጂን» ብዬ ጻፍሁ።

እናቷ ወጥተው እሷ በር ላይ ቀረች። አንድ ጥንድ ኮንጎ ጫማ በእጇ ይዛለች፤ እንዳያልቅባት ከተማ ስትገባ ብቻ የምታደርገው ጫማ ነው። «ዶክተር፣ እኔንም ይይዘኛል ወይ?» አለች።

የሚቀጥለው ታካሚ በሩን ገፍቶ ነበር። «በዘር የሚሄድ ነው» አልሁ። «ሊሆን ይችላል።» ሄደች።

ወንበሩን ስጠርግ አንድ የጤና አዳም ዘለላ አገኘሁ። ከነጠላቸው የወደቀ ነው። ሽታውን ለመሸፈን አድርገውት ነበር ማለት ነው።

ያን ዕለት ማታ ስለ መስኮቱ ብቻ አሰብሁ። ጠዋት ለሲኒየሬ ጉዳዩን ሳቀርብ ራሴን ለመውቀስ ተዘጋጅቼ ስለነበር ስለ መስኮቱ፣ ስለ ማስኩ፣ ስለ ቁጣዬ ዘርዝሬ ነገርሁት። እስከ መጨረሻው ሰምቶ «ልጅቱ ምን ጠየቀችህ?» አለኝ። ነገርሁት። «መልስህስ?» ነገርሁት። ዝም ብሎ ቆየና «ይህን የት ተማርኸው?» አለ።

«ሌክቸር ላይ» አልሁ። ማስታወሻዬን ስገልጥ ግን ሌክቸሩ የሚለው ሌላ ነው። ይህ ዓይነቱ ዝሆኔ፣ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣ በሽታ ነው። ስሙም ከግሪክኛ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ ቃላት የተሠራ ነው። ጥቃቅን የማዕድን ብናኞች በቆዳ በኩል ገብተው የሊምፍ ቱቦዎችን ያቆስላሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ተጋላጭነቱ በቤተሰብ መውረዱ እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በኢትዮጵያ ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናትም ከዘረ መል ጋር አያይዞታል። ነገር ግን እግሩን ከአፈሩ የጠበቀ ሰው፣ ዘሩ ምንም ይሁን ምን፣ አይታመምም። የነገርኋት የዕውነቱን ግማሽ ነው፤ ያውም ምንም ልታደርግበት የማትችለውን ግማሽ። ልታደርግበት የምትችለው ግማሽ በእጇ ነበር፤ ጫማውን ይዛ ቆማ ነው የጠየቀችኝ።

ታዲያ «በዘር ነው» ከየት መጣ? ከቡሬ። ከአያቴ ቤት በታች እግራቸው ያበጠ ሰውዬ ነበሩ። እኛ ልጆች ወደ ግቢያቸው እንዳንገባ ይነገረን ነበር፤ ትልልቆቹ ደግሞ «ከእነሱ ጋር ጋብቻ የለም፣ ዘራቸው ነው» ይሉ ነበር። ሰውዬው ልጆቻቸውን ሩቅ አገር እንደዳሩ ትዝ ይለኛል። ስቸኩልና ሲርበኝ ከአፌ የወጣው ስድስት ዓመት የተማርሁት አይደለም፤ በሰባት ዓመቴ የሰማሁት ነው። ልዩነቱ ያኔ ያለ ጋውን መሰማቱ ብቻ ነው። እሷ መንደር ውስጥ ይህንኑ ቃል ሳትሰማው አትቀርም፤ ከእኔ የሰማችው ግን «ሐኪሙም አለ» ተብሎ የሚነገር ሆነ።

በሕክምናውም የጎደለኝ ብዙ ነው። የግራ እግራቸውን አላየሁም፤ ይህ በሽታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ይይዛል። በጣቶቻቸው መካከል አልተመለከትሁም። የሥጋ ደዌ ነገር እንዳይሆን ነርቮቻቸውንና የእግር መዳፋቸውን ስሜት አልፈተሽሁም። የልብ ምታቸው 112 እያለ ትኩሳቱ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ሳላይ ለቀቅኋቸው። እነዚህን ሁሉ የማላውቃቸው ሆነው አይደለም፤ ወንበሬን ወደ ኋላ ስገፋ ምርመራውም አብሮ ራቀ።

«ፑር ሃይጂን» የሚለውንም ሰርዤ ቀኑንና ፊርማዬን አስቀምጫለሁ። ሽታው ባለመታጠብ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ከቆዳው የሚወጣው ፈሳሽ በእጥፋቶቹ መሐል ሲታቆር ባክቴሪያ ይራባበታል፤ ውሃ ብቻ ማፍሰስ እዚያ አይደርስም። እግራቸው ደግሞ ታጥቦ ነበር። ጭቃ አልነበረበትም፣ በጥቅምት የገጠር መንገድ። ይህን አይቼ ነበር፤ ያየሁትን ትቼ የሸተተኝን ጻፍሁ።

በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል መልእክት ላክሁ። በዘጠነኛው ቀን መጡ፤ ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ትኩሳቱ ለቋቸዋል። በዚህኛው ቀን ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎናቸው ተቀመጥሁ። «ያን ዕለት አስቀይሜዎታለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልሁ። «ምን ታደርግ፣ ሰው በዝቶብህ ነው» አሉ። ይቅር ማለታቸው ይሁን ትሕትና፣ አሁንም አልለየሁትም። ጎጃም ውስጥ ሰው ይቅር ሳይልም እንዲህ ይላል።

ያን ዕለት እንዴት እንደመጡ ጠየቅሁ። ባጃጁ «አልጭንም» ብሏቸው፣ ትኩሳቱ እያንቀጠቀጣቸው ሦስት ሰዓት ያህል በእግራቸው መጥተዋል። ከተማው አፋፍ ላይ ሲደርሱ ወንዝ ወርደው እግራቸውን ታጠቡ። «ሐኪም ቤት እንዲያው አይገባም ብዬ» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ከነርሷ ጋር ሳፋ አምጥተን በሳሙና አጠብን፣ በጣም በተበረዘ በረኪና ዘፈዘፍን፣ በጣቶቹ መካከል አደረቅን፣ ቫዝሊን ቀባን። እንዴት በቤታቸው እንደሚያደርጉት ሲያሳዩን እኔ ከሚያውቁት በታች እንደማውቅ ገባኝ፤ ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ሳሙናው በወር ስንት እንደሚያልቅ፣ ማታ እግርን ከፍ አድርጎ ለመተኛት መደቡ እንዴት እንደሚመቻች የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። በረባሶ በልካቸው የሚሰፋ ጫማ ሰሪ ገበያ ውስጥ አገኘሁ። ሲኒየሬ ክፍት ጫማ አፈሩን በደንብ እንደማይከላከል አስታወሰኝ፤ ልክ ነው፣ ግን የሚዘጋ ጫማ በዚያ ልክ እስኪገኝ እንዲሁ ባዶ እግር ከመሄድ ይሻላል ብዬ ነው። ከካልሲ ጋር እንዲያደርጉት ተስማማን።

ከአሁን ወዲህ የማደርገው አንድ ነገር አለ፤ በር ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ሲመጣ በሩን እዘጋና ሰውዬውን አስቀምጣለሁ። የሚቀጥለው ታካሚ ይቆጣል፣ ይቆጣ። ሌላው፣ ስለ ሽታ ራሴን ማታለል ትቻለሁ። ይሸታል። አፍንጫዬን መቆጣጠር አልችልም፤ ማስኬን በር ላይ፣ ሰው ከመግባቱ በፊት ለሁሉም እኩል ማድረግ ግን እችላለሁ።

ልጅቱ አልመጣችም። ጠየቅሁ። «ከዚያ ወዲህ ዝም ብላለች» አሉ እናቷ። ሽማግሌ የላኩ ሰዎች ነበሩ፤ «አላገባም» ብላለች። ለምን እንደሆነ አልነገረቻቸውም፤ እኔም ያልኋትን ስነግራቸው ፊታቸውን ማየት አልቻልሁም። ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ታነባለች። የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍሁላት፦ ከአፈሩ ነው የሚመጣው፤ ጫማ አድርጊ፣ ከተማ ስትገቢ ብቻ ሳይሆን እርሻም ስትሄጂ፤ ማታ እግርሽን በሳሙና ታጠቢ፤ ይህን ካደረግሽ አይይዝሽም፤ ያን ዕለት የነገርሁሽ ትክክል አልነበረም። ስሜንና ስልኬን ጻፍሁበት። እናቷ ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡት። እስከ ዛሬ አልደወለችም።